ወዳጄን በድምፅ መልእክት የቀበርነው ጊዜ

ከቦሌ እስከ ጉርድ ሾላ ባለው አገር ሰው በማጽናናት የሚያክለኝ የለም። ይህን የምለው ልኮፈስ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የሰፈራችን እድር ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት እኔን ይተክላል። ከሐዘንተኛው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሩብ ሰዓት ሳልቆይ ሰውየው እንባውን ጠርጎ ንፍሮ ያስመጣል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ እኔ ካጽናናኋት በኋላ ሟቹን ጨርሳ ረስታ «የማን ሳልስት ነው?» ብላለች ይባላል። ይባላል ያልኩት፣ የሚለው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ይህን ሁሉ ዝና አንድ በሕይወት ያለ ሰው አጽናና በተባልኩ ጊዜ ገደል ከተትኩት።

ሰውየው የሱቅ ጎረቤቴ ነው። ገርጂ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ሥር፣ እኔ መጋረጃ እሰፋለሁ፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ተጋርተን የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ፀጉሩ ሙሉ በነበረበት ዘመን ነው፣ እሱም ሩቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ በሁለቱ በሮች መካከል የለስላሳ ሳጥን እንገለብጣለን፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን እንዘረጋለን፣ ቆርኪ እንደረድራለን፣ ዳማ ይጀመራል። ደንበኛ ሲመጣ የተጠራው ይነሳል። ተመልሶ ሲቀመጥ ቆርኪዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አይገኙም። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ስድብ ነው። እውነቱን ለመናገር ዳማው ሰበብ ነበር፤ ሁለታችንም የምንመጣው ለስድቡ ነው። እሱ እኔን «ቀዳጅ» ይለኛል፣ እኔ እሱን «ብሎን»። የዓመታት ፍቅር ነው።

ሚስቱ ነርስ ናት። ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድማ ጀርመን አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ተቀጠረች። ሦስቱን ዓመት ወረቀት ስታሯሩጥ ኖራ ባለፈው መስከረም ወሰደችው። ስንሸኘው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ «ቋንቋቸውን እስክለምድ ነው እንጂ በስድብ አልችላቸውም እንዴ!» እያለ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ለበርበሬው ቦታ ሲጠፋ ሹራቡን አውጥቶ ለኔ የሰጠ ሰው ነው። ሹራቡ እኔ ጋ፣ ብርዱ እሱ ጋ ሆነ።

በታኅሣሥ ሚስቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? አንተን ይሰማሃል፤ እባክህ አንድ ነገር በለው» አለችኝ። ድምፅዋ ከሥራ የመጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ምን ሆነ?»

«ቋንቋ መማሩን ትቶታል። በየጠዋቱ እሄዳለሁ ብሎ ይለብስና አይሄድም። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቀን ስተኛ እሱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ስነቃ እዚያው ነው። ትናንት ስልኩ ላይ ትኬት ሲፈልግ አየሁት።»

«ለጥየቃ ይሆናላ፣ እህቴ።»

«የመሄጃ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለች። «ከሄደ አይመለስም፤ አውቀዋለሁ። እኔ ውሌን ጥዬ ልከተለው አልችልም። እንደገና ደግሞ በስልክ ባልና ሚስት መሆን አቅቶኛል። ሦስት ዓመት ሞክሬዋለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? «ለኔ ተይው!» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ስባል ደረቴ እንደ ኳስ ይነፋል።

የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ያኔውኑ፣ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ጭኔ ላይ እንዳለ ቀዳሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። «አንተ ሰውዬ፣ እድለኛ መሆንህን ታውቃለህ? እዚህ ስንቱ ጎረምሳ ቢያገኝ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ በመጣ! መብራት አይጠፋብህ፣ ውኃ አይጠፋብህ፣ እኛ አንዱን መንገድ ለመሻገር ተገትረን ውለን ተገትረን እናድራለን፣ አንተ ምን ጎደለህና ነው…» እያልኩ፣ ሚኒባስ ከመገናኛ እስከ ገርጂ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ፣ ያውም በሰልፉ ሰዓት፣ ተናገርኩ።

የመጣው መልስ አንድ ቃል ነው። «እሺ።»

እኔና እሱ ከተዋወቅን ጀምሮ «እሺ» ተባብለን አናውቅም። እሺ የሚባለው ለፖሊስ ነው። ለአማት ነው። ሰውየው መጀመሪያ አንድ ችግር ነበረበት፤ ናፍቆት። እኔ ደርሼ ሁለት አደረግሁለት፤ ናፍቆትና ማፈር። አሁን መናፈቁ ብቻ ሳይሆን፣ መናፈቅ እንደማይገባው ማሰቡም ያስጨንቀዋል።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ጦር ሰበሰብኩ።

ከላይ ፎቅ ቢሮ ያለው መሐንዲስ ወዳጃችን ነው። የወለጋ ሰው ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ሲጸልይ የሕንፃውን መስታወት ያንቀጠቅጣል። ሌላዋ በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ናት፤ ወዳጄን «ጋሼ» እያለች ስኳር ሦስት ማንኪያ ትጨምርለት የነበረች። ሁለቱን ሱቄ ውስጥ አስገብቼ፣ ስልኬን ስፌት መኪናው ላይ አቁሜ «በየተራ አንድ አንድ መልካም ቃል፣ ከልብ!» አልኳቸው።

ከልብ ማለቴ ነው ያጠፋን።

መሐንዲሱ ጀመረ። «ወንድሜ፣ ጌታ ካንተ ጋር ነው። በዚህች ዓለም መንገደኞች ነን፤ ሁላችንም አንድ ቀን…» ብሎ ወደ ሰማይ ቤት ጉዞ ገባ። በእጄ ምልክት ባላደርግለት እዚያው አድርሶት ነበር። ሻይ ሻጯ ተከተለች። «ጋሼ፣ ብርጭቆህን ለማንም አልሰጠሁም። እዚያች መደርደሪያ ላይ ነው ያለችው። ሳያት…» አለችና ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። እሷ ስታለቅስ መሐንዲሱ አፍንጫውን ሳበ። እኔም የለመድኩት ነገር ነውና፣ እንባ ሲሸተኝ አፌ በራሱ ይከፈታል። «ደግ ሰው ነበርክ» አልኩት። «ለሰው አዛኝ ነበርክ፤ ደንበኛ ባዶ እጁን አትመልስም ነበር። ቦታህ ባዶ ሆኗል፤ የሚተካህ አልተገኘም። አይዞህ፤ ፈጣሪ ያጽናህ፣ እኛንም ያጽናን።»

ሦስታችንም እያለቀስን ነው። በዚህ መሀል መጋረጃ ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ፣ የአንድ ቢሮ ኃላፊ የሆነች ጨዋ ሴት፣ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ አየችን። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ውይ! እኔን! መቼ ነው ያረፈው?» አለች።

መቅጃውን ያጠፋሁት ከዚህ በኋላ ነው። መልሼ አልሰማሁትም። ላክሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መልሱ በድምፅ መጣ። «መልእክታችሁ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጣችሁ» ይላል፣ ቀስ ብሎ። «ሰደቃዬ መቼ እንደሆነ ንገሩኝ። ሩቅ ስለሆንኩ አልደርስም፤ ግን ምን እንደምታበሉ ልወቅ። ደግሞ ያቺ መጨረሻ ላይ የመጣችው እህት ማን ናት? ከሁላችሁም የተሻለ ያዘነችው እሷ ናት።»

ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። መሐንዲሱን ጠርቼ አሰማሁት፤ እሱም ሳቀ። ሁለተኛ ስንሰማው ግን ከቀልዱ በኋላ ያለውን ልብ አልን። ነገሩን ጨርሶ መቅጃውን ወዲያው አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማል። አንድ ነገር ሊል አስቦ ትቶታል። መሐንዲሱ «ይሄ ሰው አልሳቀም» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጻፈችልኝ። «ምን ልካችሁለት ነው? መታጠቢያ ቤት ገብቶ ደጋግሞ ሲሰማው ነበር። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ለሚቀጥለው ወር ትኬት ሊቆርጥ ነው።»

መጋረጃውን ትቼ ውጭ ወጣሁና የሻይ ሻጯ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። እኔ ሰው ማጽናናት የተማርኩት ድንኳን ውስጥ ነው፤ ከድንኳን ውጭ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም። ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው የሄደበት ሰው ላይመለስ ሄዷል፤ ስለዚህ የሄደውን ታወድሳለህ፣ የቀረውን ታስለቅሳለህ፣ ሲወጣለት ይቀለዋል። ወዳጄ ግን ሁለቱም ነው። የሄደውም እሱ፣ የቀረውም እሱ። እያመሰገንን በቁሙ ገነዝነው። ቦታህ ባዶ ነው ስንለው «እዚያም የለሁም፣ እዚህም የለሁም» ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ደወልኩለት። ዓርብ ነበር፤ ከጁምዓ ተመልሷል።

«ሞቻለሁ ወይስ ገና ነኝ?» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

«ከድምፅህ ግማሽህ ይቀራል።»

«ያቺን ሴትዮ አመስግንልኝ።»

«መጋረጃዋን ሳትወስድ ነው የሄደችው፣ ባንተ ሐዘን።»

ትንሽ ሳቅ ብሎ ዝም አለ። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ዝምታ ካየሁ ቀልድ እወትፍበታለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴን በጥርሴ ይዤ ጠበቅሁት። በሕይወቴ የሠራሁት ከባድ ሥራ ይኸው ነው፤ ቀሪው መጋረጃ ነው።

«ምን መሰለህ» አለ በመጨረሻ። «ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ጨዋ ነው። በር ይይዙልሃል፤ አመሰግናለሁ ይሉሃል፤ ይሄዳሉ። መስጊድም እንደዚሁ ነው። ተጨባብጠን፣ ተቃቅፈን፣ እያንዳንዱ በየአቅጣጫው። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እንደኛ አገር እንደምን ዋላችሁ ብል አንዷ ቦርሳዋን አቀፈች። ከመጣሁ አንድ ሰው አልሰደበኝም! አንድ! የሚሰድብህ ሰው እኮ የሚያውቅህ ሰው ነው።»

«ሚስትህስ?»

«እሷ ታዝንልኛለች። እሱ ነው የባሰው። ደክሟት መጥታ እኔን ስታባብል… ሸክም ሆንኩባት፣ ቀዳጅ። ስለዚህ ብሄድ ይቀላታል እላለሁ።»

እንዲህ እያሰበ መሆኑን እሷም አታውቅም። «ተሳስተሃል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በቃል የሚፈርስ ነገር አልመሰለኝም። «ይህን እንዳልከኝ ለእሷም በላት» ብቻ አልኩት። ቀጥዬ «ከቀኑ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?» ስል ጠየቅሁት።

ወዲያው መለሰ። አስቦበት ያውቃል ማለት ነው። «ከዙህር ሶላት በኋላ። እሷ ተኝታለች፣ ድምፅ ማሰማት አልችልም። ውጭው ጨለም ጨለም ይላል። እሑድ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከተማው ሰው ያለበት አይመስልህም።»

እነሱ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ይከተሉናል። ደመርኩት። ለሱ የሚከብደው ሰዓት እኛ ሳጥን የምንገለብጥበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛውን መልእክት ስሠራ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ለካሁ፣ ቆረጥሁ፣ ተረተርሁ። «በርታ» የሚለውን አወጣሁ። «እድለኛ ነህ» የሚለውን አወጣሁ። ሙገሳውን በሙሉ አወጣሁ፤ ዱሮም እውነት አልነበረም። እንባ የሚያመጣ ነገር ካለ ብዬ መጀመሪያ ጽፌ ለሻይ ሻጯ አነበብኩላት፤ አለማልቀሷን አይቼ ነው ያጸደቅሁት። ሱቅ ውስጥ መቅዳቱንም ተውኩት። የሚኒባስ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ!» እያለ በሚጮህበት መንገድ ዳር ቆሜ፣ አቧራው አፌ እየገባ ቀዳሁት። እንዲህ ይል ነበር፤ እስከዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

«አንተ ብሎን፣ ይህን ስትሰማ ተቀመጥ፤ አልጋው ላይ ግን አይደለም። በርታ አልልህም። ያንን የሚልህ ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ጥፋቴ ነው። ከብዶሃል። መክበዱ ያንተ ድክመት አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ሲንጫጫ የኖረ ጆሮ ዝም ያለ ከተማ ሲገባ ያመዋል፣ ያ ብቻ ነው። ትናፍቀኛለህ። ሱቅህ ውስጥ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ልጅ ገብቷል፤ በጣም ትሁት ነው፣ ስለዚህ አልወደውም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም ብዬ አልጠይቅህም። እሱን ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ፣ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ ስትነሱ ተነጋገሩበት፤ ለዛሬ የሚወሰን ነገር የለም። ለዛሬ ያለው አንድ ነገር ነው። ካርቶን ፈልገህ ዳማ አስምር። ቆርኪ አምጣ፤ ከየትም ለምነህ አምጣ። ነገ በኛ ዘጠኝ ሰዓት የመጀመሪያውን እጫወታለሁ። በቀን አንድ እርምጃ አንተ፣ አንድ እኔ፣ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት። ካልመለስክ ፈርቶ ጀርመን ገባ ብዬ ለሻይ ሻጯ እነግራታለሁ። እሷ ካወቀች ደግሞ እስከ ጉርድ ሾላ ያለው ታክሲ ሁሉ ያውቃል። አብሽር።»

አብሽር የሱ ቃል ነው። እኔ ስበሳጭ ትከሻዬን መታ አድርጎ የሚለኝ። መልሼ ሰጠሁት።

በነጋታው ዘጠኝ ሰዓት ሳጥኑን ገለበጥኩ። በሱ ቦታ ማንም አልተቀመጠም፤ የስልክ ሽፋኑ ልጅ ሊቀመጥ ሲል በዓይኔ አስነሳሁት። አንድ ቆርኪ ገፋሁና ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው እንደሄደ በቁጥር ላክሁለት። መልስ የለም። ሻይ ጠጣሁ። መልስ የለም። ሻይ ሻጯ «ጋሼ፣ ልንገራቸው እንዴ ለታክሲዎቹ?» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። የመጨረሻ ጥይቴን ግን ተኩሼ ጨርሻለሁ።

መልሱ የመጣው መሸት ሲል፣ ሱቅ ልዘጋ ስል ነው። ሲጀምር ያለከልካል።

«ቀዳጅ! ቆርኪ እኮ የለም እዚህ አገር! የኛ ቤት ውኃው ከቧንቧ ነው፣ ለስላሳውም ፕላስቲክ ነው። ቆርኪ ያለው ቢራ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ቢራ ከመቼ ወዲህ? ጥግ ላይ አንዲት ኪዮስክ አለች። ባለቤቱ ቱርክ ነው፤ ጁምዓ አየዋለሁ፣ ተነጋግረን ግን አናውቅም። ገብቼ በዚያች በተሰባበረች ቋንቋዬ ‹ክዳን… የቢራ ክዳን… ብዙ› አልኩት። አየኝ። ‹ጠርሙሱን ነው የምትፈልገው?› አለኝ። ‹የለም፣ ክዳኑን ብቻ።› እንደገና አየኝ። ‹አንተ መስጊድ የማይህ ሰው አይደለህም?› አለኝ። ምን ልበል? ‹ቆርኪው አልሰከረም› ማለት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚባል አላውቅም! ለዚህች አንድ ቀልድ ቃል አጣሁላት! ንድድ አለኝ። ካርቶኑን አውጥቼ አሳየሁት። ያን ጊዜ ‹ዳማ!› ብሎ ጮኸ። እነሱም ዳማ ነው የሚሉት፣ ታምናለህ? ከመክፈቻው ሥር ያለውን ባልዲ ገለበጠልኝ። ቆርኪዎቹን አጥቤ አሁን ደረደርኩ። ና እንግዲህ፣ ያንተን ዘጠኝን ወደ አሥራ ሦስት አይቼዋለሁ፤ ግን ለምንድን ነው የኔን ቆርኪ የምታንቀሳቅሰው?»

የሱን ቆርኪ? እኔ? መልሼ ደወልኩ።

«የኔን ነው እንጂ ያንተን መቼ ነካሁ?»

«ዘጠኝ ላይ ያለው እኮ የኔ ነው!»

«ቁጥሩን ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?»

«ከየት እጀምራለሁ? ከራሴ በኩል!»

«እኔም ከራሴ በኩል!»

«ሰው ሲጫወት ቁጥር ከነጩ በኩል እንደሚጀመር አታውቅም?»

«ነጩ እኔ ነኛ!»

«አንተ? አንተን ማን ነጭ አደረገህ? እዚህ ነጩ መቼም እኔ ነኝ፤ በነጮቹ አገር ያለሁት እኔ!» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቀላል ሳቅ አይደለም፤ ያ የድሮው፣ ሳጥኑን የሚያንገጫግጨው፣ እስኪያስለው የሚያስቀው። መሐል ላይ «ሽ… ሽ… እሷ ተኝታለች» እያለ ራሱን ለማፈን ይታገላል። እኔም መንገዱ ላይ ቆሜ «ብሎን! ዝገት! ሁለተኛ እጅ!» እያልኩ ስጮኽ የሚኒባሱ ረዳት «ፋዘር፣ ሰላም ነው?» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ ጻፈችልኝ። «ኩሽና ውስጥ ብቻውን እየሳቀ ቀሰቀሰኝ። ምን ብለኸው ነው?» «ሰድቤው ነው» ብዬ መለስኩ። የልብ ምልክት ላከችልኝ። ስለተሳደብኩ ልብ የተላከልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በአንድ ሳቅ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸቴን ነው፤ እኔ ደግሞ ውሸት የምናገረው ለመዝናኛ ብቻ ነው። የከፉ ቀናት ነበሩ። እርምጃውን ልኮ ምንም ቃል የማይጨምርባቸው ቀናት ነበሩ፤ ያን ጊዜ እኔም ምን ሆንክ ብዬ ሳልጎተጉት የራሴን እርምጃ እልክና የሰፈሩን ወሬ አክልበታለሁ። ዛሬ መብራት የለም፣ ስፌት ቆሟል። ዛሬ ከገርጂ መገናኛ ሄጄ ለመመለስ ያረጀሁት ቀድሞ ከነበረኝ ዕድሜ ይበልጣል። ደህናውን ብቻ አልመርጥለትም ነበር፤ ደህናው ብቻ ሲወራለት እዚህ ገነት ይመስለዋል። አንድ ቀን ደግሞ ራሱ አነሳው። «ለባለቤቴ ያንን ነገር ነገርኳት። ሸክም ሆንኩብሽ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለች?»

«‹ደደብ› አለችኝ። በሙሉ አፏ። በጣም ደስ አለኝ።»

ነገሩን የለወጠው ግን ኪዮስኩ ነው። ቱርኩ ቆርኪውን ከሰጠ በኋላ «እስቲ አንድ ጊዜ እንጫወት» ብሎ አስቀመጠው። የነሱ ዳማ ከኛ ይለያል፤ ጠጠሩ በቀጥታና በጎን ነው የሚሄደው፣ እንደኛ በሰያፍ አይደለም። ወዳጄ በሰያፍ ሲሄድ ሰውየው «ሌባ!» አለው። ወዳጄ ሊመልስለት ፈለገ፤ ቃል የለውም። ሰውየው በቱርክኛም በጀርመንኛም ጨመረለት። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ የድምፁን ደስታ ብትሰሙት ሽልማት የተሸለመ ይመስላችሁ ነበር። «በሁለት ቋንቋ ሰደበኝ፣ ቀዳጅ! አንዱም አልገባኝም! መልስ ሳልሰጠው ቤቴ ገባሁ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም!»

በማግስቱ ጠዋት ለብሶ ወጣ። ሚስቱ የለመደችው መስሏት ነበር፤ ቋንቋ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሯን በመጀመሪያ የጠየቃት ጥያቄ «በደንቡ መሠረት ይህ አይፈቀድም» እንዴት እንደሚባል ነው። ሁለተኛው «አንተ ሽማግሌ አጭበርባሪ» እንዴት እንደሚባል ነው። መምህሯ ሁለተኛውን በትህትና አለፈችው፤ እሱን ከክፍል ጓደኞቹ ተማረ።

ትኬቱን አልቆረጠም። አንድ ከሰዓት፣ የዳማ እርምጃውን ከላከ በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር አስመስሎ ጨመረበት። «ለክረምት ነው የምንመጣው። ሁለታችንም። የመሄጃና የመመለሻ።» ደጋግሜ ሰማሁት። ለሻይ ሻጯ አሰማኋት፣ እልል አለች። መሐንዲሱ ከፎቅ ወርዶ ጌታን አመሰገነ፤ ከጌታ ቀጥሎ እኔን አመሰገነ። እኔም ተራዬን አልጠላሁም።

ከዚያ በኋላ መልሱ መዘግየት ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት የነበረው አሥር ሆነ። አሥር የነበረው «ዛሬ ትምህርት ረዝሞብኝ ነው» ሆነ። ጥሩ ምልክት ነው፤ ያወቀ ሰው በዚህ ይደሰታል። ሻይ ሻጯንም «ሥራ በዝቶበታል፣ ሰው አግኝቷል፣ ተመስገን ነው!» እላት ነበር። የሰው ልጅ ድኖ ሲሄድ እንደማየት ያለ ደስታ የለም እያልኩ ለመሐንዲሱ ስብከት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ፎቶ ላከልኝ። ኪዮስኩ ውስጥ ነው፤ እሱና ያ ቱርክ ዳማውን መሀል አድርገው፣ ወዳጄ ጣቱን ወደ ሰውየው አፍንጫ ቀስሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ በግልጽ እየሰደበው። ሰውየው ሆዱን ይዞ ይስቃል። የጣቱን አቀሳሰር አውቀዋለሁ። ከፎቶው ሥር «ይሄን ሽማግሌ ጉድ ሠራሁት! ያንተን እርምጃ ነገ» ይላል።

ፎቶውን በጣቶቼ አስፍቼ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች መረመርኩት። ፀጉር አለው ወይ ብዬ አየሁ፤ አለው። ከኔ ይበልጥ ይስቃል ወይ ብዬ አየሁ። ከዚያ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥሁና በዚያን ቀንም በማግስቱም አልመለስኩለትም፤ እንዲጨነቅልኝ ብዬ። ሲልክልኝ «እሺ» ብዬ ልመልስለት ሁሉ አስቤ ነበር።

አልተጨነቀም። ደህና ነበር፤ ኪዮስክ ውስጥ ነበር። እኔው ደወልኩ። ቀንቻለሁ። ልጆች አድርሼ፣ ሃምሳ ዓመቴን በር ላይ አቁሜ፣ አይቼው በማላውቀው አንድ የኪዮስክ ባለቤት ቀናሁ። ፎቶው በመጣበት ዕለት፣ ለአፍታም ቢሆን፣ ወዳጄ እንደገና ቢከፋው ብዬ ተመኝቼ ነበር።